ቃሉ ከምስሉ ሲረዝም

የማታ ዜና የሚከታተል ሰው ይህ ነገር ሳይገጥመው አይቀርም። ዘጋቢው ስለ ውሃ እጥረት ይናገራል፤ ምስሉ አንዲት ሴት ጀሪካን ስታነሣ ያሳያል። ሃያ ሰከንድ ሳይሞላ ያቺው ሴት ያንኑ ጀሪካን እንደገና ታነሣለች። ጥቂት ቆይቶ ለሦስተኛ ጊዜ ትመጣለች፤ አሁን ግን ምስሉ ሆን ተብሎ ስለተጎተተ እጇ በዝግታ ነው የሚንቀሳቀሰው። ተመልካቹ «ይህንንማ አየሁት» ማለት ከጀመረ ዘጋቢው የሚለውን መስማት አቁሟል ማለት ነው።

ይህን ያየ ሰው ጥፋቱን በካሜራ ባለሙያው ላይ ይጥላል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ጽሑፉን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ካሜራው በቂ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ጽሑፉ ነው ከመጣው ምስል አልፎ የሄደው። ማስተካከያውም የሚጀምረው ከጽሑፉ ነው።

በቴሌቪዥን ቤት ፓኬጅ የሚባለው ዜና እንዴት እንደሚገነባ በአጭሩ እናንሣ። ዜና አንባቢው ስቱዲዮ ተቀምጦ የሚያነበው መግቢያ ሊድ ይባላል። ከዚያ ዘጋቢው የሠራው ቪዲዮ ይለቀቃል። በቪዲዮው ውስጥ ዘጋቢው ራሱ ሳይታይ የሚያነበው ትረካ ናሬሽን ነው፤ ቃለ መጠይቅ ከተደረገላቸው ሰዎች ተቆርጦ የሚገባው ንግግር ሳውንድ ባይት፣ በአጭሩ ባይት ይባላል። በመካከል የአካባቢው ድምፅ ብቻውን የሚሰማባቸው ጥቂት ሰከንዶች ይኖራሉ፤ የገበያ ጫጫታ፣ የወፍጮ ድምፅ፣ የውሃ መውረድ።

ከእነዚህ ውስጥ ሊዱ የአንባቢው ፊት እየታየ የሚነበብ ስለሆነ የመስክ ምስል አይጠይቅም። ባይቱም ምስሉን ይዞ ነው የሚመጣው፤ ተናጋሪው ራሱ ይታያል። ምስል የሚበላው ናሬሽኑ ነው። ዘጋቢው ለአርባ ሰከንድ ካነበበ አርባ ሰከንድ የሚሸፍን ምስል መገኘት አለበት፤ ያውም የሚናገረውን ነገር የሚያሳይ ምስል።

የተለመደው አሠራር ግን ሌላ ነው። ዘጋቢው ከመስክ ሲመለስ መኪና ውስጥ ወይም ቢሮ ገብቶ ማስታወሻውን እያየ ይጽፋል፣ አለቃው ያያል፣ ድምፁ ይቀረጻል፣ ከዚያ ኤዲተሩ «ምስል አልብሰው» ይባላል። ኤዲተሩ ምስሉ ሲያልቅበት ያለው አማራጭ ጥቂት ነው። ወይ ያሳየውን ሾት ይደግማል፣ ወይ ምስሉን ይጎትታል፣ ወይ ካለፈው ዓመት ማኅደር ያወጣል። የመጨረሻው ከሁሉም ይከፋል። የዛሬ ዓመት የተቀረጸ ሰልፍ «የማኅደር ምስል» የሚል ጽሑፍ ሳይኖረው ዛሬ ከታየ፣ ዜናው ያልሆነውን ሆነ ብሏል።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንሥራ። ምሳሌው ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው፤ ከተማዋም ስም አያስፈልጋትም። በከተማዋ ውሃ የሚመጣው በስምንት ቀን አንዴ ነው፤ ከጉድጓድ ውሃ የሚስበው ሞተር ተቃጥሏል፤ ጽሕፈት ቤቱ አዲስ ሞተር ገዝቻለሁ ይላል። ፕሮዲዩሰሩ ለፓኬጁ የሰጠው ጊዜ 90 ሰከንድ ነው፤ ሊዱ ለብቻው ይቆጠራል።

ዘጋቢው አንድም ዓረፍተ ነገር ሳይጽፍ ከካሜራ ባለሙያው ጋር ተቀምጦ የተቀረጸውን ያያል፤ የሚንቀጠቀጠውን፣ የጨለመውን፣ ሰው በካሜራው ፊት ያለፈበትን እየተወ የሚረባውን ብቻ ከነሰከንዱ በወረቀት ይጽፋል። የቦኖው ውሃ ሲንጠባጠብ 6፣ ረጅሙ ሰልፍ 7፣ ጀሪካን ላይ ቁጥር የሚጽፍ እጅ 5፣ ልጅ ያዘለች እናት 6፣ ውሃ የጫነ የአህያ ጋሪ 7፣ ብር ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ 4፣ የሞተሩ ቤት በር 5፣ የተቃጠለው ሞተር 4፣ የጽሕፈት ቤቱ ታፔላ 4፣ ኃላፊው ወረቀት ሲያገላብጡ 5፣ የደንብ ልብስ ለብሳ በሰልፉ ውስጥ የተቀመጠች ተማሪ 6። ሲደመር 59 ሰከንድ ነው።

ሁለት ባይት አለው። የእናቲቱ ተቆርጦ 11 ሰከንድ፣ የኃላፊው 12 ሰከንድ ይሆናል፤ በድምሩ 23። ስለዚህ ይህ ዘገባ ቢበዛ 82 ሰከንድ ነው። ፕሮዲዩሰሩ 90 ቢፈቅድም ምስሉ የፈቀደው 82 ነው፤ ከሁለቱ የሚገዛው ደግሞ ሁልጊዜ አነስተኛው ነው። ይህን ለፕሮዲዩሰሩ በጊዜ መናገር ያስፈልጋል፤ የተረፈውን 8 ሰከንድ ለሌላ ዜና ይጠቀምበታል እንጂ አይቆጣም።

ከ59ኙ ላይ ለውሃው መንጠባጠብ ድምፅ 3 ሰከንድ፣ ለጋሪው ኮቴ 2 ሰከንድ ይቀነሳል። ለናሬሽን የቀረው 54 ሰከንድ ነው። የዘጋቢው የመጀመሪያ ረቂቅ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ደግሞ 78 ሰከንድ ሆነ። 24 ሰከንድ መውጣት አለበት።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚወስዱት አቋራጭ አለ፤ በፍጥነት ማንበብ። በፍጥነት የተነበበ ናሬሽን ሰከንድ ያተርፋል፣ ነገር ግን ሰሚው ቃላቱን ለይቶ መያዝ ያቅተዋል። ምስሉንም ያጣድፈዋል፤ ሰባት ሰከንድ ሊታይ የሚገባው ሰልፍ በሦስት ሰከንድ ይቆረጣል። ንባቡ ባለበት ፍጥነት ይቆይና ቃሉ ይቀነስ።

ርዝመቱን እንዴት እንለካለን? ቃል መቁጠር በአማርኛ ብዙም አይረዳም። «ቤት» አንድ ቃል ነው፤ «እንደሚያስመዘግቡላቸው» ም አንድ ቃል ነው። ፊደል መቁጠር ይሻላል። ዘጋቢው በተለመደው የዜና አነባበቡ ለአንድ ደቂቃ ያንብብና ያነበበውን ፊደል ቆጥሮ ለ60 ያካፍል፤ የራሱን መጠን ያገኛል። የምሳሌያችን ዘጋቢ በሰከንድ 7 ፊደል የሚያነብ እንበል። ስለዚህ 9 ሰከንድ ምስል ላለው አንቀጽ 63 ፊደል፣ 6 ሰከንድ ላለው 42 ፊደል ይደርሰዋል። የሌላው ሰው መጠን ይለያልና የራስን መለካት ግድ ነው። ለግምት ይህ ይበቃል፤ የመጨረሻው ማረጋገጫ ግን ጮክ ብሎ እያነበቡ በስልክ ሰዓት መያዝ ነው። በልብ ማንበብ አያገለግልም፤ ልብ ከአፍ ይቀድማል።

ፊደል ሲቆጠር አንድ ወጥመድ አለ፤ ቁጥር። «3,457,890 ብር» ወረቀት ላይ ትንሽ ቦታ ይይዛል። ሲነበብ ግን «ሦስት ሚሊዮን አራት መቶ ሃምሳ ሰባት ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ብር» ነው፤ 31 ፊደል፣ ከአራት ሰከንድ በላይ። ተመልካቹ ከዚህ ሁሉ የሚይዘው ሦስት ሚሊዮን ተኩል መሆኑን ብቻ ነው፤ እሱን ለማለት ደግሞ ሁለት ሰከንድ ይበቃል። ቁጥር፣ ዓመተ ምሕረትና ምኅጻረ ቃል ሁሉ እንደሚነበበው በፊደል ተጽፎ ይቆጠር።

አሁን ወደ ረቂቁ እንግባ። የዘጋቢው ሊድ ይህ ነበር፦

«በከተማዋ የሚስተዋለውን የንፁህ መጠጥ ውሃ አቅርቦት እጥረት ለመቅረፍ የሚያስችሉ የተለያዩ ተግባራትን በማከናወን ላይ እንደሚገኝ የከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት አስታወቀ።»

95 ፊደል፣ ወደ 14 ሰከንድ ገደማ። ይህን ዓረፍተ ነገር በየምሽቱ እንሰማዋለን። ተመልካቹ ማን እንደተናገረ የሚያውቀው በመጨረሻ ነው፤ ምን እንደተደረገ ደግሞ ጨርሶም አያውቅም። «የተለያዩ ተግባራት» ምን ናቸው? «በማከናወን ላይ እንደሚገኝ» ማለትስ ጀምሯል ነው ወይስ አቅዷል? ሌላም ጉዳት አለው። ዜናውን የከፈተው ጽሕፈት ቤቱ ስለሆነ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያ ምስል የጽሕፈት ቤቱ መሆን ነበረበት። ከጽሕፈት ቤቱ ያለን ምስል ግን ታፔላና ወረቀት ሲገላበጥ ነው። ከእኛ ምስሎች ሁሉ ጠንካራው የሚንጠባጠበው ቦኖ ነው፤ ሊዱ ወደዚያ ማድረስ አለበት።

የተስተካከለው ይህ ነው፦ «የከተማዋ ነዋሪዎች ውሃ የሚያገኙት በስምንት ቀን አንዴ ነው። የተቃጠለው የውሃ ሞተር እስከ ወሩ መጨረሻ ይተካል ተብሏል።» 59 ፊደል፣ ወደ 8 ሰከንድ። ችግሩም ተስፋውም አለበት። በዚህ ሊድ ላይ ግን አንድ ጉድለት አለ፤ የኃላፊው ባይት ላይ ስንደርስ ይገለጣል።

ሊዱ አልቆ ቪዲዮው ሲጀምር የሚደርስ የተለመደ ብክነት አለ። ዘጋቢው ዜና አንባቢው አሁን ያለውን እንደገና ይላል። የእኛም ረቂቅ ናሬሽን «የከተማዋ ነዋሪዎች በውሃ እጥረት መቸገራቸውን ተናገሩ» ብሎ ነበር የጀመረው። ተመልካቹ ይህን ከሦስት ሰከንድ በፊት ሰምቷል። ሙሉው ዓረፍተ ነገር ወጣ፤ በቦታው መጀመሪያ ሦስት ሰከንድ የውሃው ጠብታ ብቻውን ይሰማል፣ ከዚያ ናሬሽኑ እንዲህ ይገባል፦

«ቦኖው ሲከፈት የሚወርደው ይህን ያህል ነው። ወረፋ የሚያዘው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ስለሆነ ጎህ ሲቀድ ሰልፉ መንገዱን ያልፋል። የተራው ማስረጃ በጀሪካኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው።»

እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ከሾቱ ጋር እናስተያይ። የመጀመሪያው 21 ፊደል ነው፤ ሦስት ሰከንድ። የጠብታው ሾት 6 ሰከንድ ነበር፤ ሦስቱ ለድምፁ፣ ሦስቱ ለዚህ ዓረፍተ ነገር ሆነ። ሁለተኛው ስድስት ሰከንድ ገደማ ነው፤ ሰልፉ ሰባት አለው። ሦስተኛው አራት ሰከንድ ነው፤ የሚጽፈው እጅ አምስት አለው። ከሁለቱ ሾቶች አንዳንድ ሰከንድ ተረፈ ማለት ነው፤ ይተውለት። ዓረፍተ ነገሩ እንዳለቀ ሾቱ ወዲያው ከተቆረጠ ዓይን አይጠግብም።

«ይህን ያህል ነው» የሚለውን ልብ በሉልኝ። ዓረፍተ ነገሩ ውሃው ምን ያህል እንደሆነ አይገልጽም፤ ምስሉ ያሳያልና። ረቂቁ ላይ «እጅግ አነስተኛ በሆነ መጠን ጠብ ጠብ እያለ የሚወርድ» የሚል ነበር። የሚታየውን መልሶ መግለጽ ለሬዲዮ ያስፈልጋል። በቴሌቪዥን የናሬሽኑ ሥራ ዓይን የማያየውን መጨመር ነው፤ የሌሊቱን ዘጠኝ ሰዓት፣ የቁጥሩን ትርጉም።

የጠቅላላው ድምር መግጠሙ ብቻውን እንደማይበቃም እዚህ ላይ ይታያል። 54 ሰከንድ ናሬሽን ለ54 ሰከንድ ምስል ቢገጥምም፣ ስለ ሞተሩ 20 ሰከንድ ከተወራ የሞተሩ ምስል ግን 9 ሰከንድ ብቻ ከሆነ፣ የቀረውን 11 ሰከንድ ተመልካቹ ስለ ሞተር እየሰማ ሰልፍ ሊያይ ነው። ስለዚህ ልኩ የሚያዝ ለየአንቀጹ ነው። ስለ ሞተሩ የተጻፈው ረቂቅ ይህ ነበር፦

«የከተማዋ የመጠጥ ውሃ አቅርቦት ችግር የተከሰተው ውሃ ለመሳብ ሲያገለግል የነበረው ሞተር ባጋጠመው የቴክኒክ ብልሽት ምክንያት አገልግሎት መስጠት በማቆሙ መሆኑም ታውቋል።»

86 ፊደል ነው፤ ከ12 ሰከንድ በላይ። ምስሉ 9። «አገልግሎት መስጠት ማቆም» ማለት መቆም ነው፤ «ባጋጠመው የቴክኒክ ብልሽት ምክንያት» ማለት ተበላሽቶ ነው፤ እኛ ደግሞ የምናሳየው የተቃጠለ ሞተር ስለሆነ ተቃጥሎ ማለት ይቻላል። «መሆኑም ታውቋል» ምንም አይጨምርም። ስለዚህ እንዲህ ሆነ፦ «ውሃውን ከጉድጓድ የሚስበው ሞተር ከተቃጠለ ሁለት ወር ሆነው። አሁን ከተማዋ የምትጠጣው ከአንድ አነስተኛ ጉድጓድ ብቻ ነው።» 60 ፊደል፣ ዘጠኝ ሰከንድ የማይሞላ። ሩብ ያህሉ ሲወጣ ዜናው አልቀነሰም፤ ረቂቁ ላይ ያልነበሩ ሁለት ነገሮች ገቡበት፤ ሁለቱ ወርና አነስተኛዋ ጉድጓድ። የቢሮ አማርኛ ግሡን በሦስትና በአራት ቃል ሲጎትተው ቦታ የሚያጣው እንዲህ ያለው እውነት ነው።

ባይት መቁረጥ ከዚህ ይከብዳል፤ የሌላ ሰው ቃል ነውና። እናቲቱ በሙሉ 19 ሰከንድ ተናግረዋል፦ «እኔ እንግዲህ ምን ልበልህ ልጄ... ሌሊት እዚሁ እናድራለን፤ ልጄ በብርድ ታመመብኝ። እዚያ ማዶ እህቴ አለች፣ እሷም ጋ የለም። ከጋሪ እንዳልገዛ፣ አንዱ ጀሪካን ሃምሳ ብር ነው። ከየት አመጣለሁ?»

የመክፈቻው ቃል ያለ ችግር ይወጣል፤ ቪዲዮው ከ«ሌሊት» ይጀምራል። የእህታቸው ነገር ግን መካከል ላይ ነው። መካከል ሲቆረጥ የተናጋሪዋ ራስ በድንገት ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ይዘላል። መገጣጠሚያው በሌላ ሾት ለሁለት ሰከንድ መሸፈን አለበት፤ ካታዌይ ይሉታል። ያን ሾት ከ59ኙ ከወሰድን ሒሳባችን ይፈርሳል። ለዚህ ነው ጥሩ የካሜራ ባለሙያ ቃለ መጠይቁ እንዳለቀ የተናጋሪውን እጅ ወይም የቆመበትን ቦታ ለብቻው ቀርጾ የሚያስቀምጠው። የእኛ ባለሙያ የእናቲቱን እጅ በጀሪካኑ እጀታ ላይ ቀርጾልናል፤ በዝርዝሩ ያልቆጠርነውም ለዚህ ስለተያዘ ነው። እሱ ባይኖር ኖሮ የእህታቸውን ነገር ትቼ መዝለል አልፈቅድም ነበር፤ ወይ ሙሉውን አስቀምጣለሁ፣ ወይ ከሁለቱ ግማሾች አንዱን እመርጣለሁ።

ባይቱ ከተመረጠ በኋላ ዙሪያውን ያለው ናሬሽን እንደገና ይታያል። ረቂቁ ከባይቱ በፊት «ነዋሪዋ ሌሊት እዚያው እንደሚያድሩ ይናገራሉ» ይል ነበር፤ ከባይቱ በኋላ ደግሞ «አንድ ጀሪካን ውሃ በሃምሳ ብር እየተሸጠ ይገኛል» ይላል። ሁለቱንም እናቲቱ በራሳቸው አፍ ብለውታል፤ ከእሳቸው የተሻለ የሚል የለም። ሁለቱም ወጡ። ለእናቲቱ መግቢያ «ልጃቸውን አዝለው የሚመጡት እኚህ እናት ተራቸው ካልደረሰ ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ» ሆነ፤ ስድስት ሰከንድ፣ ልክ እንደ ሾቱ። በጋሪው ምስል ላይም ዋጋውን በመድገም ፈንታ እሳቸው ያላሉት ገባ፦ «ውሃ በጋሪ የሚሸጡት ወጣቶች የሚቀዱት ከከተማው ውጪ ካለ ምንጭ ነው። ውሃው አልታከመም። አንድ ጋሪ በቀን ሦስት ጊዜ ይመላለሳል።» ይህ ዘጠኝ ሰከንድ ነው፤ ከኮቴው ድምፅ ጋር የጋሪውንና የብሩን 11 ሰከንድ ይሞላል። በዚህ አንድ ሥራ ብቻ፣ ባይቱ የሚለውን ከናሬሽኑ በማውጣት፣ ብዙ ፓኬጅ ያለ ሌላ ሕክምና ልኩን ያገኛል።

የኃላፊው ንግግር 31 ሰከንድ ነበር። የምስጋናውና መንግሥት ለዘርፉ ስለሰጠው ትኩረት የሚናገረው ክፍል ተራ መክፈቻ ነው፤ ይወጣል። ፍሬው ይህ ነው፦ «ሞተሩ ተገዝቷል፤ መንገድ ላይ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ እንተክላለን፤ የመብራት ችግር ካልገጠመን በስተቀር።»

ሰከንድ የቸገረው ኤዲተር «እንተክላለን» ላይ ቢቆርጥ ሦስት ሰከንድ ያገኛል፤ ድምፁም ዝቅ ብሎ ስላለቀ መቁረጫው ያምራል። ግን ሰውየው ያላሉትን ቃል ገቡ ማለት ነው። በአማርኛ ንግግር ቅድመ ሁኔታው፣ «ግን» ው፣ አንዳንዴም አሉታው የሚመጣው ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ የባይት ራስ በነፃነት ሲቆረጥ ጅራቱ በጥንቃቄ ነው የሚነካው፤ ተናጋሪው ትንፋሽ ወስዶ ሌላ ሐሳብ እስኪጀምር ድረስ መስማት ይገባል። ባይቱ ሙሉ 12 ሰከንዱን ይዞ ገባ።

አሁን ሊዱን መልሳችሁ አንብቡት። «እስከ ወሩ መጨረሻ ይተካል ተብሏል» ይላል። ኃላፊው ያሉት ይህን አይደለም፤ ጉድለቱ እሱ ነበር። «የመብራት ችግር ካልገጠመ» የሚለው ሲጨመር ሊዱ 72 ፊደል፣ ወደ 10 ሰከንድ ይሆናል። ሁለት ሰከንድ ጨመረ፤ መጨመርም አለበት። ሊዱ መጀመሪያ ቢጻፍም ባይቶቹ ከተቆረጡ በኋላ መጨረሻ ላይ ካልታየ ፓኬጁ ከሚለው አልፎ ይናገራል።

ወደ ኃላፊው የሚያስገባው ናሬሽን ሙሉ የሥራ መደባቸውን ያነብ ነበር፤ «የከተማው ውሃና ፍሳሽ አገልግሎት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ በበኩላቸው» እያለ። ስምና ማዕረግ በስክሪኑ ግርጌ በጽሑፍ ይወጣል፤ ተመልካቹ እየሰማ ያነበዋል። ናሬሽኑ «ጽሕፈት ቤቱ ለመዘግየቱ ምክንያት ያደረገው የግዥውን ሂደት ነው። አሁን ግን ቀን ቆርጧል» ብሎ ለቀቀው፤ ስድስት ሰከንድ። ለታፔላውና ለኃላፊው 9 ሰከንድ ምስል ነበረን፤ ሦስቱ ቢቀር ማንም አይጎዳም። ይህ ሁልጊዜ የሚያዋጣ አቅጣጫ ነው፤ የተረፈ ምስል በመቀስ ይወጣል፣ የተረፈ ቃል ግን የሚያርፍበት የለውም።

መዝጊያው የተማሪዋ ሾት ነው። ረቂቁ «ችግሩ ዘላቂ እልባት እንዲያገኝ የሚመለከታቸው አካላት በትኩረት ሊሠሩ ይገባል» ይል ነበር፤ ተቀይሮ «ይህች ተማሪ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍል መግባት ነበረባት። ተራዋ ገና ነው» ሆነ። አምስት ሰከንድ በስድስት ሰከንድ ሾት ላይ።

ሒሳቡን እንዝጋ። ናሬሽኑ 48፣ የአካባቢው ድምፅ 5፣ ባይቶቹ 23፤ 76 ሰከንድ። ከ82ቱ የቀረው 6 ሰከንድ በሾቶች መካከል ለትንፋሽ ይሆናል፤ ባይት ከናሬሽን ጋር ሲገናኝ ግማሽ ሰከንድ ያህል ጸጥታ ከሌለ ሁለቱ ሰዎች የሚሻሙ ይመስላሉ። በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት ሰከንዱ 25 ፍሬም ስለሆነ፣ ግማሽ ሰከንድ ማለት ኤዲተሩ ጋ 12 ወይም 13 ፍሬም ነው።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ሙከራ ይደረግበት። አንደኛው ድምፁን አጥፍቶ ማየት ነው፤ አንድ ሾት ሁለት ጊዜ ከመጣ ወይም አዳራሽ ተቀምጠው የሚያጨበጭቡ ሰዎች ያለ ምክንያት ከገቡ በዚያ ቦታ ቃል በዝቷል። ሁለተኛው ዓይንን ጨፍኖ ማዳመጥ ነው፤ ሁሉም ነገር ያለ ምስሉ በደንብ ከገባችሁ ናሬሽኑ ምስሉን እየገለጸ ነው፣ ገና ይቀነስ።

ይህ ሁሉ የማይረዳበት ጊዜም አለ። ስለ በጀት፣ ስለ አዋጅ፣ ስለ ብድር ስምምነት የሚዘገብ ዜና ያለው ምስል አዳራሽና ማይክሮፎን ብቻ ነው። ሰንጠረዥ ወይም ካርታ በግራፊክስ ማሠራት ይቻላል፤ ዘጋቢው ካሜራ ፊት ቆሞ የሚናገርበት ስታንድ አፕም አሥር ሰከንድ ያህል ይሸፍናል፣ ግን እዚያው ቦታ ላይ እያሉ መቀረጽ አለበት። እነዚህ ከሌሉ ፓኬጅ አይሠራ። ዜና አንባቢው በ25 ሰከንድ ያንብበውና ይለፍ፤ ዜናው በዚህ አይዋረድም።

ለካሜራ ባለሙያዎች አንድ ቃል ልጨምር። እያንዳንዱን ሾት ካሜራውን ሳታንቀሳቅሱ ቢያንስ 10 ሰከንድ ያዙት፤ ከየቃለ መጠይቁ በኋላም እጅ፣ በር፣ መንገድ ቀርጹ። ለዘጋቢዎችም፦ የሾቶቹን ሰከንድ ሳትጽፉ ናሬሽን አትጀምሩ።